አራት ጭረት ወይስ አምስት

ዚና የቆርቆሮውን ክዳን ገና ሳታነሳ ሽታው ደረሳት። የአይጥ ሽንት፣ የብል መድኃኒት፣ ከሥሩ ደግሞ ከስንት ዘመን በፊት ያለቀ የፕለም ማርማላታ። ሰዎች የሞቱ ዘመዶቻቸውን ደብዳቤ ምግብ በነበረበት ዕቃ ውስጥ ለምን እንደሚያጭቁ፣ በዚህ ሥራ በቆየችባቸው ዓመታት ሁሉ ገብቷት አያውቅም።

«መስኮቱ ደፍ ላይ አድርጊው» አለች። «ጠረጴዛው ላይ እበላበታለሁ።»

ሻኬድ እንደተባለችው አደረገች። ከወለደች ገና ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ሕፃኗን በጨርቅ ደረቷ ላይ አስራ፣ ከሃይፋ ወደብ ተነስቶ እስከ ዚና ቤት የሚዘልቀውን ያን ሁሉ ደረጃ በእግሯ ወጥታ ነበር የመጣችው። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አሳንሰሩ ዛሬም አይሠራም አክስት ዚና?»

«መቼ ሠርቶ ያውቃል። ተቀመጪ። ልጅቷን ከመስኮቱ አርቂያት፣ ይሄ ግማት ሳንባዋ ውስጥ እንዳይገባ።»

ዚና ደብዳቤ አንባቢ ናት። እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን ራሷም አታውቅም ነበር። ድሮ አገሯ፣ ጎሜል ከተማ ሳለች ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ ፖስታ ቤት ገባች፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰካራምም፣ ወታደርም፣ ጣቱ በውርጭ የተቆረጠ ሽማግሌም የጻፈውን አድራሻ እያነበበች ስትለይ ኖረች። ሃይፋ ከመጣች በኋላ ደረጃ ጠረገች፣ የአዛውንት ገላ አጠበች። ከዕለታት አንድ ቀን የምታጥባት አሮጊት ልጅ አንድ ደብዳቤ ይዛ መጥታ «ይሄ ምን ይላል?» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ወሬው በሰፈሩ ዞረ። እዚህ ያደጉት ልጆች ሩስኛውን ይናገሩታል፣ የታተመውንም እየታገሉ ያነቡታል። የእጅ ጽሕፈት ሲያዩ ግን የተተበተበ ሽቦ ነው የሚመስላቸው። እሷ እያነበበች በዕብራይስጥ ትነግራቸዋለች፣ እነሱ ስልካቸው ላይ ይጽፋሉ።

በልጆቹ አትፈርድም። የሩስኛ የእጅ ጽሕፈት ጭረት በጭረት ነው። «ኢ» የሚባለው ፊደል ሁለት ጭረት ነው፣ ከታች የተያያዘ። «ሽ» ሦስት ጭረት፣ እሱም ከታች የተያያዘ። «ፕ» ሁለት ጭረት፣ ከላይ የተያያዘ። «ት» ሦስት ጭረት፣ ከላይ የተያያዘ። «ል»ም ያው ሁለት ጭረት ነው፣ መነሻው ላይ ካለችው ትንሽ መንጠቆ በቀር። ተረጋግቶ የሚጽፍ ሰው ከላይ የሚያያዘውን እንደ ቅስት ያጎብጠዋል፤ ለሚያነብለትም አዝኖ «ት» አናት ላይ አንድ ሰረዝ፣ «ሽ» ሥር አንድ ሰረዝ ያኖራል። የሚቸኩል ሰው ላዩንም ታቹንም እኩል ያሾለዋል። ያኔ ቃሉ በሙሉ የመጋዝ ጥርስ ይሆናል፤ ጭረቶቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ሁለቱን ለዚህ ሦስቱን ለዚያ አድርጎ፣ ቃል የሚወጣው ምኑ እንደሆነ ማየት ነው።

በቆርቆሮው ውስጥ ያሉትን የጻፈው ሰው ከሚቸኩሉት ነበር። ስሙ የፊም ይባላል። ዚና እጁን ታውቀዋለች። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ደብዳቤውን አንብባለች፣ ያውም በለቅሶ ቤት፣ ሠላሳ ሰው ፊት።

«እስቲ እንደገና ንገሪኝ፣ ምን ፈልጌ ላውጣልሽ?» አለቻት ሻኬድን።

«ስለ ፍሪማ አንድ ጥሩ ቃል።»

ፍሪማ የሻኬድ አያት የራይሳ እናት ናት፣ የየፊም እህት። ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። በሺህ ዘጠኝ መቶ አምሳ ሁለት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ጎሜል ውስጥ ታስራ በዓመቱ እስር ቤት ሞተች። ራይሳ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ሕፃናት ማሳደጊያ ገባች። የፊምና ሚስቱ ፖሊና ግድግዳ በሚጋራ ክፍል ውስጥ እየኖሩ አልወሰዷትም። ካደገች በኋላ ለምን ብላ ስትጠይቅ፣ ፖሊና የነገረቻት አንድ ነገር ነው፤ እናትሽ ጠጪ ነበረች።

«አያቴ ሕፃኗን ፍሪማ ልላት ነው ስላት ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ?» አለች ሻኬድ። «"የሰካራም ስም ከቤቴ ልጅ ላይ አይወጣም" አለች። ጮክ እንኳ አላለችም። ሳህን እያጠበች ነው ያለችው። ባሌ ቅዳሜ ምኩራብ ወጥቶ የልጅቷን ስም ማስጠራት አለበት። ልጅ በሞተ ዘመድ ስም ነው የሚጠራው፤ የሌሎቹ አያቶች ሁሉ ስም ተሰጥቷል፤ የቀረችው ፍሪማ ብቻ ናት።»

«እና ሌላ ስም ስጪያት። አበባ ምናምን። እዚህ አገር ልጁ ሁሉ ዛፍና አበባ አይደል።»

«እኔም ዛፍ ነኝ አክስት ዚና። የለውዝ ዛፍ ማለት ነው ስሜ።»

«አውቃለሁ። እሱን ነው የምልሽ።»

ሻኬድ ሳቀች፣ ወዲያው ግን ዓይኗ ሞላ። ዚና ፊቷን አዞረች። የአራስ እንባ ያሳክካታል። የላስቲክ ጓንት አድርጋ የመጀመሪያውን ወረቀት አወጣች። ጥጉ ተበልቷል፣ ቡናማ ነጠብጣብ አለበት፤ የምን እንደሆነ ማወቅ አልፈለገችም። የፊም ይህን ሁሉ የጻፈው ሚንስክ ትማር ለነበረችው ለፖሊና ነው። የመጀመሪያው ስለ ድንች ነበር። ሁለተኛው ስለ ድንችና ስለ ሆዱ ነበር፤ ሆዱ እንዴት እንደዋለ በዝርዝር። ዚና ያን ሁሉ ወደ ዕብራይስጥ መለሰች፣ ሻኬድም ሆድ ድርቀቱን ሳይቀር ጻፈች።

ሦስተኛው ላይ እንዲህ አለች፦ «"ፍሪማ አሁንም እንደዚያው ናት። ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ለሻለቃው ኮት..."»

ቆመች።

«ለሻለቃው ኮት ምን?»

ዚና ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞረች። አፏ ላይ የመጣው ቃል «ፒላ» ነበር፣ ጠጣች። ያን ቃል ከዚህ እጅ ጽሕፈት አንድ ጊዜ አንብባዋለች፣ ቅርጹ ዓይኗ ውስጥ ቀርቷል። ያው ጥርስ፣ ያው ሹል። ግን ማንም ሰው የሻለቃ ኮት አይጠጣም።

ከመስፊያ ሳጥኗ መርፌ አወጣችና በጫፉ ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ከዚያ የ«ል» መንጠቆ። «ፒላ» ለማለት ከመንጠቆው በፊት አራት ጭረት ይበቃል፤ ሁለት ለ«ፕ»፣ ሁለት ለ«ኢ»። አምስት ከሆነ ሦስት ለአንዱ፣ ሁለት ለሌላው ነው። «ት» ቢሆን ቃል አይወጣም። «ሽ» ከሆነ «ሺላ» ይላል።

ሺላ። ሰፋች።

ፍሪማ ሌሊቱን ሙሉ ለሻለቃው ኮት ስትሰፋ አደረች።

«አክስት ዚና፣ ምን ሆንሽ? ላብሽ መጣ።»

«ይሄ ጓንት ነው። ጻፊ፣ "ስትሰፋ አደረች"። ልብስ ሰፊ ነበረች በይ።»

ሻኬድ ጻፈች፣ ፊቷም ፈካ። ልጅቷ ገና የሆነው አልገባትም፤ ልብስ ሰፊ ጠጪም ሊሆን ይችላላ። ዚና ግን የለቅሶ ቤቱ ትዝ አላት። ፖሊና ሞታ፣ ልጇ አሊክ ደውሎ «ዚኖችካ፣ ስለዚያች ሰካራም ፍሪማ የሚያወራ ደብዳቤ አግኝቻለሁ፣ ነይና ለልጆቹ አንብቢላቸው» ያላት። ሰካራም የሚለውን ከደብዳቤው በፊት በስልክ ነው የሰማችው። ሄደች፣ ለሐዘኑ የተሸፈነው መስታወት ሥር ቆመች፣ ቆማም አነበበች፦ «ፍሪማ ሌሊቱን ሁሉ ስትጠጣ አደረች። ጠዋት እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ ደም መስሏል። ጎረቤቶች በድምፁ ተማረዋል። ልጅቷ ጠረጴዛ ሥር ነው የምትተኛው።» ሁሉም ነገር ገጠመ። እጅ፣ ዓይን፣ ድምፅ፣ ጎረቤት። አንድም ጭረት አልቆጠረችም። ሰው ሁሉ አንገቱን ነቀነቀ። አንዷ «አቤት ምስኪን» አለች፣ አለችና ኬክ ቆረሰች። ራይሳ ብቻ ተነስታ በረንዳ ወጣች፣ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ።

አሁን ዚና የራሷ ምላስ ቀፈፋት። ልክ አፏ ውስጥ የሌላ ሰው ነገር ያለ ይመስል።

«የቀሩትን ብቻዬን ላንብብ» አለች። «ሂጂ ተኚ። ነገ እደውላለሁ።»

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ቀሪዎቹን አንድ በአንድ አነበበች፣ መርፌዋን ይዛ። መጨረሻው የተጻፈው በእርሳስ ነበር፣ በጣም አጭር።

«ፖሊና፣ ፍሪማን ወሰዷት። ግብር ተቆጣጣሪው መጥቶ ሦስት ኮትና የደንበኞቹን ጨርቅ አገኘ። ፈቃድ እንደሌላት ማን እንደነገረው አላውቅም። ማሽኑን ቀድሜ ወደ እኛ ክፍል አስገባሁት፣ አልመዘገቡትም። ልጅቷን መውሰድ አንችልም፣ መሥሪያ ቤት ይጠይቁኛል። ሰው ቢጠይቅሽ ትጠጣ ነበር በይ። ለጠጪ ዘመድ ማንም አይጠየቅም።»

«ትጠጣ ነበር» የሚለው ላይ መርፌዋን አኖረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። መንጠቆ። እዚህ አራት ነው። ሰውየው ሲቸኩልም ቢሆን ጭረቱን አያጓድልም ነበር። ሲሰፋ አምስት፣ ሲዋሽ አራት።

ዚና ተነስታ ፊቷንና እጇን ታጠበች፣ ከጓንቱ ሥር ንጹሕ የነበረውን እጇን። ከዚያ እንደገና ታጠበች።

በማግስቱ ጠዋት አሊክ ቤት ሄደች፣ ቂርያት ያም፣ ከባሕሩ ሁለት መንገድ ወደ ውስጥ። የድሮውን ደብዳቤ በዓይኗ ሳታይ ራይሳ ፊት መቅረብ አልፈለገችም። አሊክ ከነካናቴራው ቁርስ ላይ ነበር። ከባልዲ ያወጣው ጨው ዓሣ ፊቱ ተዘርግቷል፣ ጣቱን ይልሳል፣ እንደገና ይነክራል። ሚስቱ ማራ ምድጃው አጠገብ ሽንኩርት ትቆርጣለች።

«ዚኖችካ፣ ዓሣ ብዪ።»

«በልቻለሁ። ደብዳቤውን አምጣልኝ፣ በለቅሶው ያነበብኩትን።»

«ለምን? አልበም ውስጥ ነው፣ ቤተሰቡ የሚያየው ነገር ነው።»

«አምጣልኝ አልኩህ። እጅህን ታጠብና።»

አልታጠበም። ሱሪው ላይ ጠረገና አልበሙን አመጣ። ዚና ወረቀቱን ከፕላስቲኩ አወጣች። መታጠፊያው ልክ ቃሉ መነሻ ላይ ነው ያለፈው፤ የመጀመሪያው ጭረት እጥፉ ውስጥ ገብቶ ደብዝዟል። ብርሃን ላይ ይዛ በመርፌዋ ቆጠረች። አምስት። ታጥፎም፣ ደብዝዞም ቢሆን፣ ቆጥራ ቢሆን ኖሮ ታየው ነበር። ማሳበቢያ አይሆናትም።

«ትሰፋ ነበር ነው የሚለው» አለች። «አትጠጣም ነበር። ትሰፋ ነበር።»

አሊክ ወረቀቱን አየ፣ ከዚያ ዚናን፣ ከዚያ ዓሣውን።

«የምን መስፋት?»

«እጇ የሚንቀጠቀጠው ከመስፋት ነው። ዓይኗ የቀላው ከመስፋት ነው። ጎረቤት የተማረረው በማሽን ድምፅ ነው። ያሰሯት ያለ ፈቃድ ስለሰፋች ነው። አባትህ ራሱ ጽፎታል፣ "ትጠጣ ነበር በይ" ብሎ። ለእናትህ።»

ማራ ቢላዋውን አስቀመጠች። «አልነገርኩህም ቆርቆሮውን ለሻኬድ አትስጥ ብዬ» አለችው ለባሏ፣ ዚና የሌለች ያህል።

«ዝም በይ አንቺ። ምን አውቄ።» ወደ ዚና ዞረ። «ስሚኝ። አንድ ጭረት ነው እኮ። የሞተ ሰው ለሞተ ሰው የጻፈው አንድ ጭረት። ራይሳ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ለምዳዋለች። ሰው ከለመደው ነገር ላይ ስታነሺው ይወድቃል።»

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«እኔ ያኔ አልተወለድኩም።»

«ከተወለድክ በኋላስ?»

አሊክ አንድ አጥንት ከጥርሱ መካከል አውጥቶ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አኖረው። ዚና ዓይኗን ከሱ ለማንሳት በረንዳውን አየች። እዚያ ነበር። ብረት እግሩ የተጠማዘዘ፣ ጥቁር፣ ወርቃማ ጽሑፉ የተላላጠ የልብስ ስፌት ማሽን። በላዩ ሦስት የአበባ ማሰሮ ተደርድሯል፣ ውሃቸው ወደ መርገጫው እየተንጠባጠበ። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ያን ቃል አንብባ ከጨረሰች በኋላ፣ የሻይ ብርጭቆዋን ያስቀመጠችው እዚያ ላይ ነበር።

«ማሽኑ የማን ነው አሊክ?»

«የእናቴ።»

«ከማን አገኘችው?»

«ዚና፣ እኔ ያደግሁት በዚያ ማሽን በተሰፋ ሱሪ ነው። ሱሪዬን እያወለቅሁ የማን ነበር ብዬ እንድጠይቅ ነው የምትፈልጊው?» ቀና አለ፣ አሁን ድምፁ ጠንከር ብሏል። «ደግሞስ ሄደሽ ምን ልትያት ነው? ያነበብሽው አንቺ ነሽ። ሠላሳ ሰው ፊት፣ ጥርት ባለ ድምፅ። እናቴ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው፤ በአደባባይ ያወጣሽው አንቺ ነሽ። እስከ አምስት መቁጠር አልችልም ልትያት ነው? ከዚያ ማን ይጠራሻል? ይሄ ሰፈር እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። የምትተዳደርበት ነገር ቢኖር ይሄው ዓይኗ ነው፤ ጉልበቷ ደረጃ መጥረጉን ከተወው ቆይቷል። ደግሞም የሚያስጠላው አሊክ ልክ መሆኑ ነበር። ዓሣ የነካ ጣቱን እያወዛወዘ እውነት መናገሩ።

«ደብዳቤውን እወስደዋለሁ» አለች።

«አበባዬን ግን እንዳትነኩ» አለች ማራ።

ራይሳ ነቬ ሻአናን ነው የምትኖረው፣ ምድር ቤት፣ ሁሉ ነገር በታጠበበት ቤት ውስጥ። ባሏ ለሳል ብሎ ያስቀመጠውን ኮኛክ ባስገባበት ቀን መጸዳጃ ውስጥ ያፈሰሰች ሴት ናት። በፋሲካ ማዕድ ሌላው ወይን ሲቀዳ ለሷ የወይን ጭማቂ ነው፤ ልጆቿ ሲያድጉ ከውጭ በመጡ ቁጥር አፋቸውን ታሸት ነበር። ዚና ይህን ሁሉ ታውቃለች። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ እያንዳንዱን ብርጭቆ በዓይነ ልቦናዋ ስትቆጥር ነበር የመጣችው።

ራይሳ በሩን ከፍታ ቦርሳዋን አየች።

«አንቺም ስለ ስሙ ልትለምኚኝ መጣሽ? ሻኬድ ናት የላከችሽ?»

«አይደለም። ራያ፣ ቁጭ በይ። ልነግርሽ ያለኝ አጭር ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ያነበብኩት ስህተት ነው። እናትሽ አትጠጣም ነበር። ትሰፋ ነበር። ከአምስት ጭረት አንዱን አላየሁትም። ሰካራም ናት ብለውኝ ስለነበር ሰካራም አነበብኩ።»

ይህን አውቶቡስ ውስጥ አሥር ጊዜ አዘጋጅታው ነበር። ሲወጣ ከአፏ የወጣ አልመሰላትም።

ራይሳ አልተቀመጠችም። «አሳዪኝ» አለች።

ዚና የለቅሶ ቤቱንና በእርሳስ የተጻፈውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋች፣ የመብራቱን አንገት ጎትታ። መርፌውን ሰጠቻት። ራይሳ የእጅ ጽሕፈት ታነባለች፣ በማሳደጊያ ተምራለች፤ የየፊምን ደብዳቤ ግን አንድም ቀን ነክታ አታውቅም፣ ማንም አልሰጣትም፣ እሷም አልጠየቀችም። መነጽሯን አደረገች። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ቆጠረች። ከዚያ ሌላውን ቆጠረች። ከዚያ መላልሳ የመጀመሪያውን።

«አምስት» አለች።

«አምስት።»

«እዚህ ደግሞ አራት።»

«እሱ ውሸቱ ነው። ዙሪያውን አንብቢው።»

አነበበች። ቀስ ብላ፣ ማሽኑ የተወሰደበትን፣ ልጅቷን መውሰድ አንችልም የሚለውን። ዚና ፊቷን ላለማየት ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየች። ውጭ አንድ ሰው ምንጣፍ ይመታል።

«ጠረጴዛው ሥር እተኛ ነበር» አለች ራይሳ። «አስታውሰዋለሁ። ከላዬ ድምፅ ነበር። ታታታታ ይላል፣ ያቆማል፣ እንደገና ታታታታ። ፖሊናን ጠይቄያታለሁ፣ አድጌ። ምን አለችኝ መሰለሽ? "የእናትሽ ጥርስ ነው" አለችኝ። "ስካሩ ሲለቃት ጥርሷ እንደዚያ ይንገጫገጭ ነበር" አለችኝ።»

ዚና ተነስታ ውሃ መጠጣት ፈለገች፣ የሰው ቤት ብርጭቆ ለመንካት ግን አፈረች።

«በስልሳ ስምንት ነው የነገረችኝ» አለች ራይሳ። «ማሽኑ አጠገባችን ነበር። ቀሚሴን እያሳጠረችልኝ ነበር።»

ራይሳ መነጽሯን አውልቃ በልብሷ ጫፍ ጠረገች፣ አደረገችው፣ እንደገና አወለቀችው።

«አንቺ ላይ እንዴት ልፍረድ አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «እሷ እያወቀች ዋሸችኝ። አንቺ ሳታውቂ። የሰማሁት ግን ካንቺ ነው፣ በወረቀት ተጽፎ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ትንሽ ትንሽ እጠራጠር ነበር። አንቺ ነሽ መጠራጠሩን የወሰድሽብኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ሻይ አልሰጥሽም ዛሬ።»

«አልጠበቅሁም።»

«ተቀመጪ ግን። አልጨረስንም።»

ራይሳ መሳቢያ ከፍታ ስትፈልግ ቆየች። የተቀረጸ እርሳስ አወጣችና ዚና ፊት አኖረችው።

«የ"ሽ" ሰረዝ የት ነው የሚደረገው? ከላይ ነው ከታች?»

«ከታች።»

«አድርጊበት። ሁሉም ላይ። ሻኬድ ትያቸዋለች፣ ከሷ በኋላ ያቺ ሕፃን ታያቸዋለች። ማንም ሰው ከንግዲህ እንዳንቺ ያለ ዓይን አያስፈልገውም።»

ስድቡ ልክ ስለነበር ዚና አልተከራከረችም። ፖስታ ቤት ሳለች የሰው ደብዳቤ ላይ እርሳስ ማኖር ከሥራ የሚያስባርር ነበር። የለቅሶ ቤቱን ደብዳቤ ወደ ራሷ ሳበች፣ ከአምስቱ ጭረት የመጀመሪያዎቹን ሦስት በመርፌ ለየች፣ በነሱ ሥር አጭር፣ ቀጥ ያለ ሰረዝ አሰመረች። ከዚያ የሻለቃውን ኮት። ከዚያ በቦርሳዋ ያመጣቻቸውን የቆርቆሮውን ደብዳቤዎች በሙሉ፣ ድንቹንም፣ ሆዱንም፣ «ሽ» ባለበት ሁሉ። ሽታው አሁንም ከወረቀቱ ይወጣል።

ራይሳ ጀርባዋን ሰጥታ ስልክ ደወለች።

«ሻኬድ፣ ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው? እሺ። ስሟን ለባልሽ በትክክል ጻፊለት፣ የሚያነበው ሰው እንዳይሳሳት። ፍሪማ። አዎ፣ ሰምተሻል። አታልቅሺ፣ ወተትሽ ይበላሻል። ሌላም ነገር አለ፤ ለአሊክ ደውዪና ማሽኑን እንዲያመጣ ንገሪው። ማሰሮዎቹን ግን ያስቀርልን።»

ዚና በእርሳስ የተጻፈችው የመጨረሻዋ ወረቀት ላይ ደርሳ ነበር። አራቱን ጭረት እንደገና ቆጠረች፣ ለራሷ። አራት ናቸው። ሥራቸው ምንም አላሰመረችም፤ ወረቀቱን አጥፋ ከሌሎቹ ለይታ አኖረችውና እርሳሱን መለሰች።